“የቪዛ ፎቶ እናስተካክላለን” ለሚል ፎቶ ቤት ብር ከመክፈላችሁ በፊት

ጎጃም ውስጥ ሆናችሁ ለአሜሪካ ቪዛ ፎቶ ልትነሱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ 500 ብር ከፍዬ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

እናቴ እዚያ ያለውን ወንድሜን ልትጠይቅ ስለሆነ በኢንተርኔት የሚሞላውን የቪዛ ማመልከቻ፣ የ DS-160 ቅጹን፣ እየሞላሁላት ነበር። በሩ ላይ “የቪዛና የዲቪ ፎቶ” ብሎ የለጠፈ ፎቶ ቤት ወሰድኳት። ልጁ 300 ብር ተቀብሎ አነሳትና ሶፍት ኮፒውን በፍላሽ ሰጠን። ቤት ገብቼ ስከፍተው ያው የለመድነው 3 በ 4 ጉርድ ፎቶ ነው፤ በፒክሰል 900 በ 1200። ቅጹ ላይ ስጭነው አልተቀበለኝም። ምክንያቱም የአሜሪካ ቪዛ ፎቶ ወርዱና ቁመቱ እኩል መሆን አለበት፤ ከ 600 በ 600 ያላነሰ፣ ከ 1200 በ 1200 ያልበለጠ፣ ፋይሉም JPEG ሆኖ ከ 240 ኪሎባይት የማይበልጥ።

ተመልሰን ሄድን። “ቀላል ነው” አለና ሌላ 200 ብር ጠየቀ። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ 600 በ 600 አድርጎ ሰጠን፤ ይሄኛውን ሲስተሙ ተቀበለው። ደስ ብሎኝ ለእናቴ ባሳያት፣ “ይቺ ደግሞ የማን ድፎ ዳቦ ናት?” አለችኝ።

እውነቷን ነው። ልጁ ፎቶውን አልቆረጠውም፤ ጨፍልቆታል። 1200 የነበረው ቁመት በግማሽ ሲቀንስ 900 የነበረው ወርድ የቀነሰው በሲሶ ብቻ ስለሆነ ፊቷ ከቁመቱ አንጻር በሲሶ ሰፍቷል። የሹራቧ ክብ ቁልፍ እንቁላል መስሏል፤ እንዲህ ያለውን ጉድ የምታውቁት በዚያ ነው፣ ክብ የሆነ ነገር ፈልጋችሁ እዩ። ሲስተሙ ለምን አሳለፈው ብትሉ፣ መጠኑና ኪሎባይቱ ልክ ነበር። ከአገጭ እስከ አናት ጸጉር ያለው ርዝመትም ከፎቶው ቁመት ከ 50 እስከ 69 በመቶ መሆን ሲገባው፣ የእሷ ሲጨፈለቅ 67 ገደማ ላይ አረፈ። ማሽኑ ቢያሳልፈውም የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ኤምባሲው ነው።

የባሰው ግን ሌላ ነው። እናቴ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት፣ እንደ ብዙ የጎጃም እናቶች። ልጁ ማሳመሩ መስሎት አጥፍቶታል! የፊትን መልክ በኤዲት መቀየር ክልክል ነው፤ ፎቶው የሚመሳከረው ቀርባ ከምትታየው ሴትዮ ጋር ነው። ጀርባውን በፎቶሾፕ ነጭ ሲያደርግም የጆሮዋን ጠርዝ በልቶት ነበር።

ቆርጠህ አስተካክለው አልኩት። ግን ለካ አይሆንም፤ 3 በ 4 ላይ ጭንቅላቷ ብቻ 800 ፒክሰል ይዟል፣ ከዚያ የሚወጣው ትልቁ እኩል ቁራጭ ደግሞ 900 በ 900 ነው። ጭንቅላቷ 89 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። መፍትሔው ካሜራው ያነሳውን ያልተነካ ዋና ፋይል ማግኘት ነበር፤ እሱን ደግሞ “ካርዱን ፎርማት አድርጌዋለሁ” አለኝ። ስለዚህ ብር ሳትከፍሉ ዋናው ፋይል እንደሚሰጣችሁ አስምሉት። ሰፋ አድርጎ፣ ከራስ በላይና በትከሻ ግራና ቀኝ ቦታ ትቶ ያንሳችሁ።

በመጨረሻ እኔው ቤት አነሳኋት። ነጭ ግድግዳ ከጀርባዋ አድርጋ፣ ጥላዋ እንዳያርፍበት አንድ እርምጃ ያህል ራቅ ብላ፣ የመስኮቱ ብርሃን ከፊቷ እየመጣ። ስልኩን ሁለት ሜትር ያህል ርቄ በዓይኗ ልክ ያዝኩት፤ ተጠግታችሁ ካነሳችሁ አፍንጫ ይገዝፋል። ሻሿን አወለቀች (በሃይማኖት ምክንያት በየቀኑ ለሚጠመጠም ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ያኔም ፊት ሙሉ መታየት አለበት)። መነጽሯንም፤ እሱ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2016 ጀምሮ አይፈቀድም። ቆርጬ 600 በ 600 ሳደርገው ጭንቅላቷ 372 ፒክሰል ወጣ፣ 62 በመቶ። ዓይኗ ከታች 360 ላይ፣ 60 በመቶ፤ የሚፈለገው ከ 56 እስከ 69 ነው። ንቅሳቷም በቦታው አለ።

ከስልክ ወደ ኮምፒውተር በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱን ይቀንሰዋል። የቅጹ የማረጋገጫ ገጽ ላይ በፎቶው ቦታ X ካያችሁ ፎቶው አልገባም ማለት ነውና ለቃለ መጠይቅ ስትሄዱ 5 በ 5 ሴንቲሜትር የታተመ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ አለዚያ ከማርቆስ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳችሁ እዚያ ፎቶ ቤት ፍለጋ ነው።

ልጁ 200ውን መልሶልኛል። 300ውን ግን “አንስቻለሁ እኮ” ብሎ እምቢ አለ።