ኮሰረቴን ከእፅ ክስ ላወጡልኝ ጋሼ ምስጋና

ሰላም ወገኖች። ይሄን የምጽፈው ለማመስገንም ለመጠቆምም ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ፍራንክፈርት ውስጥ ትንሽ የሀበሻ ዕቃ ሱቅ አለኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጀበና፣ እጣን፣ ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። ሱቁ መንገድ ዳር አይደለም፣ ግቢ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ስለዚህ ደንበኛ የማገኘው በአጫጭር ቪዲዮ ነው። ቪዲዮ ካልለቀቅኩ በሩንም የሚያውቀው የለም።

ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ስለ ኮሰረት አንድ ቪዲዮ ለቀቅኩ። መቼም ታውቁታላችሁ፣ 55 ቀን ቅቤ ሳይቀምስ የከረመ ሰው ለፋሲካ ቅቤ ያነጥራል፣ ቅቤ ሲነጠር ደግሞ ኮሰረት ይፈለጋል። ዓመቱን ሙሉ መደርደሪያ ላይ ቁጭ የሚለው ኮሰረት የሚሸጠው ያን ሰሞን ነው። ቪዲዮው ጥሩ እየሄደ ነበር። ሰው "አለ ወይ?" እያለ ይጽፋል፣ እኔም እመልሳለሁ። ማታ ላይ ድንገት ጠፋ። ማሳወቂያውን ብከፍተው ቪዲዮዬ የተነሳው "አደንዛዥ እፅ መሸጥ" በሚል ነው። አካውንቴ ላይ ማስጠንቀቂያ ተመዘገበ፣ ቀጥታ ስርጭትም ተዘጋብኝ።

እፅ! ሲጋራ እንኳ በደጄ እንዲያልፍ የማልወድ ሰው እፅ ሻጭ ሆንኩ። ይባስ ብሎ ደንበኞቼ "ምን ነካሽ፣ ምን ለጥፈሽ ነው?" ይሉኛል። ምን ብዬ ላስረዳ?

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልነግራችሁም ብል ይሻላል፣ ግን ንዴቴ አልወጣልኝም። አንዱ "የተዘጋ አካውንት አስከፍታለሁ" ባይ ውስጥ ሰው አለኝ ብሎ ቀብድ ተቀበለኝ። ቀጥሎ የይለፍ ቃልሽን ላኪልኝ አለ። አልሰጥም ስለው ስልኬን ማንሳት ተወ፣ ቀብዱም በዚያው ቀረ። ሌላው ደግሞ "መጀመሪያውን ቆረጥ አድርገሽ መልሰሽ ልቀቂው" ብሎ መከረኝ። እግዜር ጠበቀኝ እንጂ ያን ባደርግ ኖሮ ሁለተኛ ጥፋት ተብሎ ይቆጠርብኝ ነበር። አንድ ቢሮ ደግሞ ደብዳቤ ለመጻፍ ብቻ የጠየቀኝ ዋጋ ካለኝ ኮሰረት ሁሉ ይበልጣል። ስም አልጠራም፣ ለራሳቸው ያውቁታል።

በመጨረሻ አንዲት ደንበኛዬ፣ እድሜ ይስጣት፣ ወደ ጋሼ ላከችኝ። ጋሼ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ምስራቅ ጀርመን መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ቃለ መሐላ የፈጸሙ ተርጓሚ ናቸው። የልደት ሰርተፊኬት፣ የጋብቻ ወረቀት ይተረጉማሉ፣ ለመስሪያ ቤት የሚገባ ደብዳቤም ይጽፋሉ። ገና ስገባ "እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ነገር ከሆነ አልነካውም" አሉኝ። ዋጋቸውንም ያኔውኑ ነገሩኝ፣ የሚከብድ አልነበረም።

እኔ ወሬዬን ልጀምር ስል "ቆይ፣ መጀመሪያ ቪዲዮውን አሳዪኝ" አሉ። ስልኬ ላይ ቀርቶ ስለነበር ከፈትኩላቸው። ዝም ብለው አዩት። ከዚያ "አሁን ድምጹን ዝጊውና አማርኛ እንደማይችል ሰው ሆነሽ እዪው" አሉኝ።

አየሁት። ወገኖቼ፣ ደነገጥኩ። ፊት የማይታይበት እጅ አለ። ደረቅ አረንጓዴ ቅጠል አለ። ቅጠሉ ትንንሽ ግልጽ ላስቲክ ውስጥ ገብቷል። ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ሚዛን አለ፣ በላዩ ግራም ይቆጠራል። ከዚያ ዋጋ፣ ከዚያ "በውስጥ መስመር አናግሩኝ"። ቅቤው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። "ማሽን ነው ያነሳብሽ፤ ማሽኑ ያየው ይሄንን ነው" አሉ ጋሼ። "ስለዚህ ደብዳቤው እኔ ጨዋ ሰው ነኝ እያለ አይለምንም። እያንዳንዱ የታየው ነገር ምን እንደሆነ ይናገራል።" እኔ ስንት ሌሊት ሳለቅስ ያላየሁትን እሳቸው በአንድ ጊዜ አዩት።

ባለቤቴ አብሮኝ ነበር፣ "እዚህ አገር ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ካናቢስ ለአዋቂ ተፈቅዶ የለ፣ ያንንም ጻፉበት" አለ። ጋሼ ሳቁ። "የተፈቀደው ለራስ መጠን ወስኖ መያዝ ነው፤ ሱቅ ከፍቶ መሸጥ አልተፈቀደም። ደግሞስ ቅጠሉ ካናቢስ ካልሆነ ስለ ካናቢስ ምን አነሳን?" ያ አረፍተ ነገር ሳይጻፍ ቀረ።

ሁለት ደብዳቤ አዘጋጁ። አንዱ አጭር ነው፣ መተግበሪያው ላይ ይግባኝ በሚለው ሳጥን የሚገባ። ሳጥኑ ብዙ ፊደል አይቀበልም። ሌላው ረዘም ያለ፣ ከማስረጃ ጋር በቅሬታ ቅጹ የሚላክ። የሄደው በጀርመንኛ ነው፤ መጀመሪያ ግን በአማርኛ ነው የጻፉት። እንዲጠቅማችሁ ረዥሙን፣ የአካውንቴን ስምና ሊንኩን አውጥቼ፣ እነሆ፦

"ይህ ቅሬታ የቀረበው በስህተት ስለተነሳ ቪዲዮ ነው። የአካውንቱ ስም፣ የቪዲዮው ሊንክና የተለቀቀበት ቀን ከላይ ሰፍሯል። ማሳወቂያችሁ ቪዲዮው የተነሳው በአደንዛዥ እፅ ሽያጭ ምክንያት ነው ይላል። በቪዲዮው ውስጥ አደንዛዥ እፅ የለም።

ከ0:00 እስከ 0:12 የሚታየው ደረቅ ቅጠል ኮሰረት ይባላል። ሊፒያ ከሚባለው የዕፅዋት ወገን የሆነ የምግብ ቅመም ነው። እዚህ አገር ለሻይ ከሚሸጠው የሎሚ ሽታ ካለው ቨርቤና ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ ይመደባል። ከ0:13 እስከ 0:20 የሚታየው ሚዛን ቅመም የሚመዘንበት የሱቅ ሚዛን ነው፤ ላስቲኩ የችርቻሮ ማሸጊያ ነው። ከ0:21 እስከ መጨረሻው ቅጠሉ በሚነጠር ቅቤ ውስጥ ሲጨመር ይታያል። በአማርኛ የሚነገረውም ይህንኑ ነው፤ የንግግሩ ትርጉም ተያይዟል።

የንግድ ምዝገባዬን፣ ቅመሙን የገዛሁበትን የጅምላ ደረሰኝና የማሸጊያውን ጽሁፍ ፎቶ አያይዣለሁ።

ቪዲዮው እንዲመለስ፣ በአካውንቴ ላይ የተመዘገበው ማስጠንቀቂያም እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ። በአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ አንቀጽ 20 መሠረት በቅሬታዬ ላይ የሚሰጠው ውሳኔ በማሽን ብቻ እንዳይሆን እጠይቃለሁ። ጥያቄዬን የማትቀበሉ ከሆነ የትኛው ደንብ፣ በየትኛው ሰከንድ እንደተጣሰ ግለጹልኝ።"

አለቀ። ስድብ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። የፋሲካ ገበያዬ ገደል ገባ የሚለው እንኳ የለበትም። እንዲያስገቡት ለምኛቸው ነበር። "የሚያነበው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያነብ የሚውል ነው። ማዘን ሳይሆን ማጣራት ነው ስራው። የሚያጣራውን ስጪው" አሉኝ። ሰከንዱን የጻፉትም ለዚሁ ነው፣ ሰውየው ቪዲዮውን ከፍቶ እንዲያመሳክር። ቨርቤናውን ያስገቡት ደግሞ ኮሰረት የማያውቅ ጀርመናዊ የሚያውቀውን ነገር ይዞ እንዲነሳ ነው።

ስለ ሕጉ ብዙ ነገሩኝ፣ ሁሉንም ገብቶኛል አልልም። የያዝኩት ይሄን ነው። ሕጉ በሙሉ ስራ ላይ የዋለው ከየካቲት 2024 ወዲህ ነው። መድረኩ ቪዲዮ ሲያነሳ ምክንያቱን መግለጽ፣ ማሽን ተጠቅሞ እንደሆነም መናገር አለበት። ቅሬታ ማቅረብ በነጻ ነው፣ ቢያንስ ስድስት ወር ጊዜ አለ። እምቢ ቢሉ እንኳ ከመድረኩ ውጪ የሆነ እውቅና ያለው አስታራቂ አካል ዘንድ መሄድ ይቻላል፣ ውሳኔው ግን መድረኩን አያስገድድም። ይሄ አውሮፓ ላለነው ነው። አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ሆናችሁ የምትሸጡ አንቀጹን አውጡት፣ የቀረው ደብዳቤ ግን የትም ይሰራል።

አሁን የማልረሳውን ልንገራችሁ። ጀርመንኛው ካለቀ በኋላ እርስዎ ይላኩልኝ አላልኩም፣ እሳቸውም ስልክሽን አምጪ አላሉም። እያንዳንዱን አረፍተ ነገር መልሰው በአማርኛ እያነበቡ "ይሄ እውነት ነው? እንዲህ ነው ያልሽው?" ይሉኛል። 0:20 ላይ ያልኩትን አንድ ቃል ተጠራጥረው ቪዲዮውን እንደገና አስከፈቱኝ። መሸ እኮ፣ ቢሯቸውን የሚዘጉበት ሰዓት አልፏል። "ይሂድልኝ ጋሼ፣ አምኜዎታለሁ" ብላቸው "ልጄ፣ ምን እንደሚል በማታውቂው ወረቀት ላይ ስምሽን አታስቀምጪ" አሉኝ። ከዚያ ከራሴ ስልክ በራሴ እጅ ላኩት። የይለፍ ቃሌን የጠየቀኝን ሰው አስቤ እንባዬ መጣ። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ስንት ያልገባኝ ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ! የመጀመሪያ የቤት ኪራይ ውሌን እንኳ ምን እንደሚል ያወቅኩት ከቤቱ ስወጣ ነው። እንዲህ ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ቪዲዮው ተመለሰ! ማስጠንቀቂያውም ተሰረዘ፣ ቀጥታ ስርጭቱም ተከፈተ። መልሱ ሁለት መስመር ነበር፣ ይቅርታ የምትል ቃል የለችበትም። ዳግማይ ትንሳኤ ካለፈ በኋላ ስለሆነ የመጣው ገበያው አምልጦኛል፣ የተቋረጠው ተመልካችም አልተመለሰም። ይግባኝ ያንን አይመልስም፣ ጋሼም አስቀድመው ነግረውኛል። ግን እፅ ሻጭ የሚለው ከላዬ ወረደ፣ ለኔ ትልቁ እሱ ነው።

ቪዲዮ የምሰራበትንም መንገድ ለወጥኩ። አሁን መጀመሪያ የሚታየው ብረት ድስቱና ቅቤው ነው። ቅጠሉ ስሙ በትልቁ የተጻፈበት የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ነው፣ ሚዛኑ ጭራሽ አይታይም። ጽሁፉ ላይ በጀርመንኛም "የቅቤ ቅመም" እላለሁ። ገሾ፣ ጦስኝ፣ በሶብላ፣ የእጣን ጭስ የምታሳዩ ሁሉ እስቲ ቪዲዮአችሁን ድምጹን ዘግታችሁ እዩት።

ቪዲዮ በስህተት የተነሳባችሁ፣ በተለይ ሱቅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ለማንም ቀብድ አትክፈሉ፣ የይለፍ ቃል አትስጡ፣ ጋሼ ጋ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ ጋሼ ጋ ሂዱ! ስልካቸውን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለነገሩኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ቪዲዮውን ራሱን፣ የመጣላችሁን ማሳወቂያ ፎቶ፣ የንግድ ምዝገባችሁንና የዕቃውን ደረሰኝ ይዛችሁ ሂዱ። ቪዲዮው ከስልካችሁ ከጠፋ ስራው ይከብዳቸዋል። በእውነት ደንብ የጣሰ ነገር ለጥፋችሁ ከሆነ ደግሞ አትድከሙ፣ አይጽፉላችሁም። አርብ ከሰዓት ቢሯቸው ዝግ ነው።