ላይክ ወይስ የሻይ ቤት ትዕዛዝ?

ደብረ ማርቆስ ያለች አንዲት የዳቦ ቤት ባለቤትን በምሳሌ እንውሰድ። የቶርታዋ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ 2,000 ላይክ አገኘ፤ ወር ሲሞላ ግን ከ9,000 ብር ኪራይ 4,000 ጎደላት። አስተያየት የጻፉትን ብታይ አብዛኞቹ አዲስ አበባና ውጭ አገር ናቸው። ማን መጥቶ ይግዛ? ሌላው መንገድ በየቀኑ ለከተማው ሻይ ቤቶች ዳቦ ማስረከብ ነው፤ ሁለቱን እናወዳድር።

ወጪ
ቪዲዮ፦ ነጻ ይመስላል እንጂ ለቀረጻ የተሠራው ቶርታ እንቁላልና ቅቤ በልቷል። ገዢ ካጣና መብራት ከጠፋ ክሬሙ ያኑ ዕለት ይበላሻል።
ሻይ ቤት፦ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ጨው። በየቀኑ 200 ዳቦ ወስደው አንዱ 1.50 ብር ቢያተርፍ በቀን 300፣ በ30 ቀን 9,000 ብር ነው። ኪራዩ ተከፈለ ማለት ነው።

ጾም
እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ የሚጎላው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የፍስክ ቶርታ ላይኩ ሳይቀንስ ገዢው ይጠፋል። ዳቦው ግን ይሸጣል።

ሥጋት
ቪዲዮ፦ አዝዞ የሚቀር ሰው። ግማሽ ቀብድ ሳይቀበሉ እንቁላል አለመስበር ነው።
ሻይ ቤት፦ ዱቤ። የትናንቱ ሳይከፈል የዛሬው ከወጣ በሳምንት 1,400 ዳቦ ውጭ ይቀራል። ማስረከቢያውም ከንጋቱ 12 ሰዓት ስለሆነ ሊጥ የሚቦካው ሌሊት ነው፤ ያረፈደ ደንበኛውን ያጣል።

ሠርግና ልደት በሚበዛበት በጥር፣ ስልክና ዋጋ የተጻፈበት ቪዲዮ ያዋጣል። ኪራይ በየወሩ ለሚጠየቅ፣ በተለይ ለጀማሪ፣ መጀመሪያ ሻይ ቤቶቹ።