በሞባይል ገንዘብ የሚያስከፍል መተግበሪያ ለምታሠሩ ነጋዴዎች፦ የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት

አራት ኪሎ አካባቢ ለሚገኘው ኬክ ቤታችን መተግበሪያ የሠራልን ድርጅት የክፍያ ሥርዓቱ መጠናቀቁን ያስረዳን አንድ የተሳካ ክፍያ በማሳየት ብቻ ነበር። እኛም ቀሪውን ሒሳብ ከፍለን ተረከብን። ጉድለቱ የታየው ኔትወርክ በተጨናነቀበት የበዓል ዋዜማ ነው።

አንዲት ደንበኛ የ1,850 ብር ኬክ አዘዙና የሚስጥር ቁጥራቸውን አስገቡ። ገንዘቡ ተቀንሶ አጭር መልእክት ቢደርሳቸውም፣ መተግበሪያው 30 ሰከንድ ጠብቆ መልስ ስላላገኘ «ክፍያው አልተሳካም» አላቸው። «እንደገና ይሞክሩ» የሚለውን ሲነኩ ለዚያው ኬክ አዲስ የትዕዛዝ ቁጥር ወጣና ሌላ 1,850 ብር ተቆረጠባቸው። የክፍያ አገልግሎቱ የሚልከው የመጀመሪያው ክፍያ ማረጋገጫ መልእክት፣ ማለትም ኮልባኩ፣ ዘግይቶ ሰርቨራችን ሲደርስ ትዕዛዙ «ያልተሳካ» ተብሎ ስለተዘጋ ፕሮግራሙ መልእክቱን ጣለው። ደንበኛዋ 3,700 ብር ከፍለው በእኛ መዝገብ የታየው ግማሹ ብቻ ነው። ድርጅቱን ስንጠይቅ «ሁለቴ የነኩት እርሳቸው ናቸው» የሚል መልስ ሰጠን፤ እንደገና እንዲሞክሩ የነገራቸው ግን የራሱ ፕሮግራም ነው።

መልስ የዘገየበት ክፍያ አልተሳካም ማለት ሳይሆን ገና አልታወቀም ማለት ነው። በትክክል የተሠራ መተግበሪያ እንዲህ ያለውን ትዕዛዝ «በመጠባበቅ ላይ» ብሎ ያቆየዋል፣ ሰርቨሩም በዚያው የትዕዛዝ ቁጥር የክፍያ አገልግሎቱን ይጠይቃል፤ ቁርጥ ያለ መልስ ሳይገኝ ደንበኛው ዳግም እንዲከፍል አይፈቅድም።

ሌላው ጉድለት የዚህ ተቃራኒ ነበር። ሰርቨራችን ለኮልባክ ፈጥኖ መልስ ካልሰጠ ያው መልእክት በድጋሚ ሊላክ ይችላል፤ የእኛው ፕሮግራም ደግሞ እያንዳንዱን መልእክት እንደ አዲስ ክፍያ ስለሚቆጥር ለአንድ ክፍያ ሁለት ኬክ አስጋግሮናል። መከላከያው አንድ የግብይት ቁጥር ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይመዘገብ በዳታቤዙ ላይ መከልከል ነው፦

```sql
ALTER TABLE payments
ADD CONSTRAINT uq_txn UNIQUE (provider, txn_id);
```

ለተደገመው መልእክትም «ደርሶኛል» የሚል መልስ መሰጠት አለበት፤ ስህተት ተብሎ ከተመለሰ መላኩ ሊቀጥል ይችላል።

ስለዚህ ውል ስትፈርሙ የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው እናንተው ባላችሁበት ከሚደረግ ሙከራ በኋላ እንደሆነ አስጽፉ። የሚስጥር ቁጥር እንዳስገባችሁ የስልኩን ዳታ አጥፉ፤ ሰርቨሩ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ሲነሣ የተከፈለው ትዕዛዝ በራሱ ተስተካክሎ መገኘት አለበት። አንዱን ኮልባክ ሁለት ጊዜ አስልኩና ትዕዛዙ አንድ ብቻ መሆኑን እዩ። ከዚያም መልእክቱ ከክፍያ አገልግሎቱ መምጣቱን የሚያረጋግጠው ዲጂታል ፊርማ ወይም የብር መጠኑ የተለወጠ ሐሰተኛ ኮልባክ ይላክ፤ ፕሮግራሙ ይህንን «ተከፍሏል» ብሎ ከመዘገበ ሥራውን አትረከቡ፣ ምክንያቱም የኮልባክ አድራሻውን ያወቀ ማንም ሰው ሳይከፍል ኬክ ሊወስድ ይችላል።