የሩብ ኢንቿ እግር፣ ከስምንት ወር በኋላ

ስምንት ወር ሆናት። ከመኪናዬ ላይ የማወርዳት አልፎ አልፎ፣ ለምሳሌ ዚፕ ስሰፋ ነው። የማወራው ስለ ስፌት መኪና እግር ነው፤ ጨርቁን ከላይ ተጭና ስለምትይዘው። ይቺኛዋ በቀኝ ጎኗ ቁልቁል የወረደ ቀጭን መሪ ብረት አላት። ከመርፌው እስከ መሪው ድረስ ያለው ርቀት ሩብ ኢንች ነው፤ 6 ሚሊ ሜትር ከትንሽ ማለት ነው። የጨርቁን ጠርዝ መሪው ላይ አስጠግተህ ከነዳኸው የስፌቱ ትርፍ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ይሆናል።

እኔ ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ፣ ቤቴ ውስጥ የሕፃን ብርድ ልብስና የአልጋ ልብስ እሰፋለሁ። ገበያ ካሉ ልብስ ሰፊዎች የጥጥ ቁርጥራጭ እሰበስባለሁ፣ አጥቤ እተኩሳለሁ፣ በካሬና በሦስት ማዕዘን ቆርጬ አገጣጥማለሁ። እግሯን ከማግኘቴ በፊት በዓይን ግምት ነበር የምሰፋው። ልብስ ስትሰፋ ግምት ያስኬዳል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ቢበዛ ቀሚሱ ላይ ማንም አያየውም። ቁርጥራጭ ስትገጣጥም ግን ስህተቱ ይደማመራል። አሥር ካሬ በአንድ ረድፍ ብትሰፋ ዘጠኝ ስፌት አለው። እያንዳንዱ ትርፍ በ1 ሚሊ ሜትር ከሰፋ፣ ከግራም ከቀኝም ስለሚወስድ 2 ሚሊ ሜትር ይጠፋል። ዘጠኝ ጊዜ ሲሆን 18 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጣዩን ረድፍ በትክክል ብትሰፋው ሁለቱ አይገናኙም። እኔ ድሮ እየሳብኩ አገናኛቸው ነበር፤ ብርድ ልብሱ መሃሉ ላይ ይነፋል።

እግሯን የገጠምኩ ቀን ችግሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። 1 ኢንች ተኩል ስፋት ያላቸው ሦስት ጥብጣቦች ቆርጬ ጎን ለጎን ሰፋሁና ተኮስኩ። ሁለት ስፌት ነው ያለው፤ ስለዚህ ጠቅላላው ስፋት 3 ኢንች ተኩል፣ የመሃሉ ደግሞ ልክ 1 ኢንች መምጣት ነበረበት። ጠቅላላውን ስለካው 3 ኢንች ከ3/8 ሆነ። ወደ 3 ሚሊ ሜትር ጎደለ። ማስመሪያውን ደጋግሜ አስቀመጥኩት። እግሯ ትክክል ናት፤ ከመርፌው ቀዳዳ እስከ ጠርዙ ስለካው ሩብ ኢንች ነው።

ቁርጥራጭ የሚሰጡኝ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አሉ። ጥብጣቡን ይዤላቸው ሄድኩ። በጥፍራቸው ስፌቱን ገለጥ አድርገው አዩትና፣ "ልጄ፣ እጥፋቱ ይበላል እኮ" አሉኝ። ነገሩ ይሄው ነበር። ጨርቁ ስፌቱ ላይ ሲታጠፍ እጥፋቱ ራሱ ቦታ ይይዛል። ክሩም ውፍረት አለው። የእኔ ጨርቅ ወፈር ያለ ነበር፣ ክሩም እንደዚያው። ስለዚህ ልክ ሩብ ኢንች ከሰፋህ የምታገኘው ከሩብ ኢንች በላይ የበላ ስፌት ነው። ከሩብ ኢንች አንድ ወይም ሁለት የክር ውፍረት ማጥበብ ያስፈልጋል።

የጎደለውን 3 ሚሊ ሜትር ለሁለት ስፌት፣ ከዚያ ለሁለት ጎን ስታካፍለው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። የእኔ መኪና መርፌውን ወደ ግራና ቀኝ ጥቂት በጥቂት ማንቀሳቀሻ ቁልፍ አላት። ወደ ቀኝ፣ ወደ መሪው፣ ትንሽ አስጠጋሁት። ከዚያ ሞተሩን ሳልነካ ጎማውን በእጄ ቀስ ብዬ አዞርኩት፤ የእግሯ ቀዳዳ ጠባብ ከሆነ መርፌው ብረቱን መትቶ ይሰበራል። የእኔዋ ቀዳዳ ሞላላ ስለሆነች አለፈ። ክሩንም በቀጭን ቀየርኩት። ሦስተኛው ሙከራ ላይ 3 ኢንች ተኩል መጣ። አሁን ጨርቅ ወይም ክር በቀየርኩ ቁጥር መጀመሪያ እነዚያን ሦስት ጥብጣቦች እሰፋለሁ።

እግሯ ዋጋዋን ያሳየችኝ ኮከብ ላይ ነው። ባለፈው ለአክስቴ የልጅ ልጅ የኮከብ ጥለት ያለው ብርድ ልብስ ሠራሁ። የኮከቡ ጫፎች የሚወጡት ከአራት ማዕዘን ቁራጮች ነው፦ መሃሉ ላይ ትልቅ ሦስት ማዕዘን፣ ግራና ቀኙ ላይ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች። ተሰፍቶ ሲያልቅ ቁራጩ 2 ኢንች ተኩል በ4 ኢንች ተኩል ነው። የትልቁ ሦስት ማዕዘን ሹል ጫፍ ከላይኛው ጠርዝ ልክ ሩብ ኢንች ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ጠርዙ ድረስ ከደረሰ የሚቀጥለው ስፌት ጫፉን ይቆርጠዋል፤ ኮከቡ ዱልዱም ይሆናል። በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ጫፉ ከስፌቱ ተለይቶ ይንሳፈፋል።

ይህን ቁራጭ ከመሃሉ ካሬ ጋር ስሰፋ በግልባጩ በኩል ወደ ላይ አዙሬ አስቀምጠዋለሁ። እዚያ ሁለቱ ስፌቶች ተሻግረው እንደ መስቀል ምልክት ይሠራሉ። መርፌው በመስቀለኛው ላይ፣ ከነጥቧ አንዲት ክር ብቻ ወደ ጠርዙ ጠጋ ብሎ ማለፍ አለበት። መሪው ጠርዙን ይይዝልኛል፣ ዓይኔ መስቀለኛው ላይ ይሆናል። ከስምንቱ ጫፍ ሰባቱ ሹል ሆነው ወጡ። ስምንተኛውን ፈትቼ ደገምኩት።

ማዕዘኖች ሲገናኙ ደግሞ የካውያው ነገር አለ። የአንዱን ረድፍ ስፌት ወደ ቀኝ፣ የቀጣዩን ወደ ግራ አጥፌ እተኩሳለሁ። ሁለቱ ሲገጠሙ ጉብታዎቹ ጎን ለጎን ይጋጠማሉ፤ በጣትህ ስትዳስሰው ቆልፎ ይሰማሃል። ካውያውን ደግሞ አልጎትተውም፤ አስቀምጬ ጫን አድርጌ አነሳዋለሁ። ሦስት ማዕዘን በሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ ስላለው ከጎተትከው ይለጠጣል፤ ያኔ የትኛዋም እግር አታድነውም።

እንከኗንም ልናገር። ጨርቁን መሪው ላይ ገፋ ካደረግከው ጠርዙ ብረቱን ተደግፎ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ስፌቱ ልክ ይመስላል፣ ስትገልጠው ግን ትርፉ ሰፍቷል። መንካት ብቻ ነው ያለበት። ስፒል ላይ አይነዳም፤ መሪው ሳይደርስበት መንቀል ግድ ነው። የሦስት ማዕዘን ሹል ጫፍ ላይ ስትጀምር መኪናው ጨርቁን ወደ ቀዳዳው ይውጠዋል፤ ይህን የእግሯ ጥፋት ባልለውም፣ እኔ ሁሌ ትርፍ ብጣሽ ላይ ጀምሬ ወደ ጫፉ እሻገራለሁ። በካሬ መሃል ከጥግ እስከ ጥግ የተሰመረን ሰያፍ መስመር ተከትለህ ስትሰፋ ደግሞ ጨርቁ በቀኝ በኩልም ስለሚተርፍ መሪው ይከለክላል። ያኔ ሌላ እግር እገጥማለሁ።

አምስተኛው ወር ላይ ረድፎቼ እንደገና ማጠር ጀመሩ። ጨርቁን ጠረጠርኩ፣ ከዚያ ካውያውን። ጥብጣቦቹን ስሰፋ ግን ያው ጉድለት ታየ። ከሌሎች እግሮች ጋር በቆርቆሮ ውስጥ ስጥላት መሪዋ በፀጉር ያህል ወደ ውጭ ተጣሞ ነበር። በቀስታ በጉጠት መለስኩት። አሁን ለብቻዋ በጨርቅ ተጠቅልላ ነው የምትቀመጠው።

መግዛት የምትፈልጉ፣ መጀመሪያ የመኪናችሁን የእግር መያዣ ቁመት ለኩ። እግሩን ዝቅ አድርጋችሁ ከምታጠብቀው ብሎን መሃል እስከ ታችኛው ብረት ድረስ ነው። ወደ 13 ሚሊ ሜትር ከሆነ አጭሩን፣ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ ረጅሙን ነው የሚወስደው። ቀጥ ብቻ የሚሰፋ አሮጌ መኪና ካላችሁ መርፌው ወደ ጎን አይሄድም፤ እግሯ ላይ የማጥበብ ዕድል የለም። ለእሱ ማስመሪያ መርፌው ሥር አስቀምጣችሁ፣ ከሩብ ኢንች ትንሽ ጠበብ አድርጋችሁ፣ ታችኛው ብረት ላይ ወፈር ያለ ፕላስተር ደራርባችሁ ለጥፉ። እህቴ እንደዚያ ነው የምትሠራው፤ የእሷም ጥብጣብ 3 ኢንች ተኩል ይመጣል።