«50,000» የሚል ጽሁፍ ያለበትን ፓወር ባንክ ለጉዞ አትግዙ

ከወሎ ተነስታችሁ በአውሮፕላን ለመጓዝ የምትሰናዱ፣ በተለይ ወደ ዓረብ አገር የምትሄዱ፣ ደሴ ውስጥ «50,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት» እየተባለ ከሚሸጥላችሁ ፓወር ባንክ ተጠንቀቁ። የአክስቴ ልጅ ሲገዛ ሻጩ «አብሽር፣ ከልብስህ መሃል ክተተው፣ ማንም አያይብህም» ብሎታል። አዲስ አበባ ላይ ኤክስሬይ አየው፤ ሻንጣው ተከፍቶ ባትሪው ተወሰደበት። ሻጩ ገንዘቡን አልመለሰም።

ሒሳቡን ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ መሥራት ትችላላችሁ። 50,000ን በ3.7 ቮልት አባዝታችሁ ለ1,000 ስታካፍሉ 185 ዋት ሰዓት ይመጣል። ያለ ፈቃድ ወደ አውሮፕላን የሚገባው እስከ 100 ነው፤ እስከ 160 ያለው አየር መንገዱ ሲፈቅድ ብቻ፤ ከዚያ በላይ የትም አይገባም። 20,000 የሚለው 74 ዋት ሰዓት ስለሆነ ይበቃችኋል። ደግሞ ቁጥሩ እውነት ቢሆን ኖሮ ውስጡ ያሉት ሴሎች ብቻ ሦስት ሩብ ኪሎ ገደማ ይመዝኑ ነበር። በመዳፍ ላይ ቀለል ካለ የተጻፈው ውሸት ነው። እንግዲህ እውነት ከሆነ ክልክል፣ ውሸት ከሆነ ማጭበርበሪያ ነው።

ትንሹም ቢሆን በጭነት ክፍል አይሄድም። የሊቲየም ባትሪ ውስጡ ሲጎዳ ራሱን እያጋለ ይቀጣጠላል፤ የጭነት ክፍሉ የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ነበልባሉን ቢያፍነውም ሙቀቱን አያቆመውም። መንገደኞች ክፍል ውስጥ ግን ጭሱ ወዲያው ይታያል፣ አስተናጋጆችም ውሃ አፍስሰው ያቀዘቅዙታል። የካሜራ ትርፍ ባትሪም እንዲሁ ነው፤ ጫፉን በፕላስተር ሸፍኑት።

ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ከኮምቦልቻ የሚነሱት አውሮፕላኖች ትንንሽ ስለሆኑ የእጅ ሻንጣችሁን በር ላይ ተቀብለው ወደ ጭነት ሊያወርዱት ይችላሉ። ፓወር ባንኩን፣ ወርቁን፣ ገንዘቡንና ፓስፖርቱን አስቀድማችሁ በትንሽ ቦርሳ ለዩና ከአንገታችሁ አታውርዱ።

ስለ ወርቅ «ቢጠፋ አየር መንገዱ ይከፍላል» የሚሏችሁን አትስሙ። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በዓለም አቀፍ በረራ ለአንድ መንገደኛ ሻንጣ የሚከፈለው ካሳ ጣሪያው 1,519 ኤስዲአር በሚባል የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት መለኪያ፣ ማለትም ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ነው። ብዙ አየር መንገዶች ደግሞ ጌጣጌጥንና ገንዘብን ለጭነት አትስጡ ብለው በውላቸው ጽፈዋል።

ለዘመድ የምትወስዱት ጀበና ግን የግድ ሻንጣ ውስጥ ከገባ ሆዱን በካልሲ ሙሉት፣ አንገቱን በጋቢ ጠቅልሉት። ተሰብሮ ከደረሰ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳትወጡ አስመዝግቡ፤ የጽሁፍ አቤቱታ የሚቀበሉት ሻንጣውን ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ ብቻ ነው።