የንግድ ቅናሽ ወይስ የቶሎ ክፍያ ቅናሽ? ለገዢ የሚያዋጣውና አመዘጋገቡ

ለሕንፃ መሣሪያ መደብርዎ 200 ጋሎን ቀለም ሊገዙ ነው እንበል። የአንዱ ጋሎን የዝርዝር ዋጋ 1,000 ብር ስለሆነ ድምሩ 200,000 ብር ይመጣል። ሁለት አከፋፋዮች ዋጋ ሰጥተውዎታል። አንደኛው 12 በመቶ የንግድ ቅናሽ ያደርጋል፤ ክፍያው በ30 ቀን ውስጥ ነው። ሁለተኛው 10 በመቶ የንግድ ቅናሽ ያደርግና ከኢንቮይሱ ግርጌ 2/10, n/30 ብሎ ይጽፋል። ትርጉሙ በ10 ቀን ውስጥ ከከፈሉ 2 በመቶ ይቀነስልዎታል፣ ካልሆነ ግን ሙሉውን በ30 ቀን ውስጥ ይከፍላሉ ማለት ነው።

ብዙ ገዢ 10 እና 2 ደምሮ «ያው 12 ነው» ይላል። ግን እኩል አይደሉም። የሁለተኛው አከፋፋይ 2 በመቶ የሚሰላው ከ200,000 ሳይሆን የንግድ ቅናሹ ከተነሳ በኋላ ከቀረው 180,000 ብር ላይ ነው፤ ስለዚህ 3,600 ብር ብቻ ይሆናል። በ10ኛው ቀን የሚከፍሉት 176,400 ብር ነው። የመጀመሪያው አከፋፋይ ጋ ደግሞ 176,000 ብር ከፍለው ይጨርሳሉ፤ ያውም 30 ቀን ሙሉ ገንዘቡ በእጅዎ ቆይቶ። በዚህ ምሳሌ የመጀመሪያው በዋጋም በጊዜም ይበልጣል።

ሁለተኛው አከፋፋይ ቅናሹን ወደ 3 በመቶ ከፍ ቢያደርገውስ? ያኔ በ10ኛው ቀን የሚከፈለው 174,600 ብር ይሆናል፤ ከመጀመሪያው በ1,400 ብር ያንሳል። ግን ያንን ብር ከሌላው በ20 ቀን ቀድመው ያወጡታል። ገንዘቡን በዓመት 18 በመቶ ወለድ ከባንክ የሚበደሩት ከሆነ የ20 ቀኑ ወለድ 1,722 ብር ገደማ ስለሚሆን ቅናሹ ወለዱን አይሸፍንም። በአንጻሩ ገንዘቡ 7 በመቶ በሚከፍል ቁጠባ ላይ ተቀምጦ ከሆነ የሚያጡት 670 ብር ብቻ ነውና ቶሎ መክፈሉ ያዋጣል። ውሳኔው የቅናሹን መጠን ብቻ አይቶ አይወሰንም፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም መታየት አለበት።

ሌላ አቅራቢ ሳይኖር ከሁለተኛው ጋር ብቻ የሚሠሩ ከሆነ ግን ስሌቱ ይለወጣል። 2 በመቶውን ትቶ በ30ኛው ቀን መክፈል ማለት 176,400 ብር ለ20 ቀን በ3,600 ብር መበደር ማለት ነው፤ ወደ ዓመት ሲመለስ 37 በመቶ ገደማ ነው። ያንኑ ብር ለ20 ቀን በ18 በመቶ ቢበደሩ ወለዱ 1,740 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ በዚህ ሁኔታ ተበድሮም ቢሆን በ10ኛው ቀን መክፈል ይሻላል።

ወደ መዝገቡ ስንመጣ የሁለቱ ልዩነት ይበልጥ ይገለጣል። የንግድ ቅናሽ በመዝገብ ላይ ራሱን የቻለ ሂሳብ የለውም። ዋጋው ከመጀመሪያው 180,000 ብር እንደነበር ተቆጥሮ ይመዘገባል፤ 200,000 የሚለው ቁጥር ኢንቮይሱ ላይ እንጂ ጆርናሉ ላይ አይገባም። ቫቱን ለጊዜው ትተን ሲታይ፦

ዴቢት፦ የዕቃ ክምችት 180,000
ክሬዲት፦ ተከፋይ ሂሳብ 180,000

የቶሎ ክፍያ ቅናሽ ግን ሲገዙ ገና ያልተፈጸመ ነገር ነው፤ የሚፈጸመው ሲከፍሉ ነው። በ10 ቀን ውስጥ ሲከፈል፦

ዴቢት፦ ተከፋይ ሂሳብ 180,000
ክሬዲት፦ ባንክ 176,400
ክሬዲት፦ የዕቃ ክምችት 3,600

የመጨረሻው መስመር ልብ ይባልበት። 3,600 ብሩ «ሌላ ገቢ» አይደለም፤ የዕቃውን ዋጋ የሚቀንስ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ተግባራዊ የሆኑት ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃዎችም ቅናሽ ከግዢ ዋጋ ላይ እንዲቀነስ ያዛሉ። ክምችቱን በየሽያጩ ሳይሆን በዓመት መጨረሻ ብቻ በቆጠራ የሚያስተካክል መደብር ግን ይህንን «የግዢ ቅናሽ» በሚባል ሂሳብ ይይዝና በመጨረሻ ከግዢው ላይ ያነሳዋል።

ሁልጊዜ በጊዜ የመክፈል ልማድ ላለው ድርጅት ሌላ መንገድ አለ፤ እኛም የምንመርጠው ይህንን ነው። ከመጀመሪያው በ176,400 ብር ይመዘግቡና ቀኑ ካለፈ 3,600 ብሩን «የታጣ ቅናሽ» ብለው ወደ ወጪ ይወስዱታል። በየወሩ ይህ ሂሳብ ቁጥር ካሳየ አንድ ሰው ኢንቮይስ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቷል ማለት ነው፤ ባለቤቱ ያንን ገንዘብ በዓይኑ ያየዋል። በመጀመሪያው ዘዴ ግን ያለፈ ቅናሽ የትም አይታይም።

ቫት ሲጨመር ደግሞ የንግድ ቅናሹ ኢንቮይሱ ላይ ተለይቶ ከታየ 15 በመቶው በ180,000 ላይ ይሰላል፤ 27,000 ብር ይሆንና ጠቅላላው 207,000 ይደርሳል። የቶሎ ክፍያው ቅናሽ የሚገኘው በኋላ ስለሆነ ቫቱን ለማስተካከል ከሻጩ የክሬዲት ማስታወሻ ያስፈልጋል፤ በእሱ ላይ 3,600 ብር ቅናሽና 540 ብር ቫት ይጻፋል። የሚከፈለው 202,860 ብር ነው። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስህተት ከ207,000 ላይ 2 በመቶ፣ ማለትም 4,140 ብር ቀንሶ ሁሉንም ከዕቃው ዋጋ ላይ ማንሳት ነው። ያኔ ከግዢ ቫቱ ላይ መነሳት የነበረበት 540 ብር ይቀርና በቫት ማስታወቂያው ላይ ትርፍ ሆኖ ይታያል።

ሌላው ከባድ ስህተት የንግድ ቅናሹን እንደ ገቢ መመዝገብ ነው። ክምችቱ በ200,000፣ ቅናሹ በ20,000 ገቢ ተይዞ ዓመቱ ሲዘጋ 50 ጋሎን ሳይሸጥ ቢቀር፣ እያንዳንዱ በ900 ሳይሆን በ1,000 ብር ይቆጠራል። ክምችቱ በ5,000 ብር ይጋነናል፤ ትርፉም በዚያው ልክ ይጋነናልና ግብሩም ያለአግባብ ይጨምራል። ለማጣራት ከቆጠራው ወረቀት አንድ ዕቃ መርጦ የነጠላ ዋጋውን ከኢንቮይሱ የተጣራ ዋጋ ጋር ማነጻጸር ይበቃል።

ዕቃ ከተመለሰም የ2 በመቶው መነሻ ይቀንሳል። 20 ጋሎን ቢመልሱ 18,000 ብር ይነሳና ቅናሹ ከ162,000 ላይ 3,240 ብር ይሆናል፤ ቫቱን ትተን የሚከፍሉት 158,760 ብር ነው። አሥሩ ቀን የሚቆጠረው ከኢንቮይሱ ቀን ማግስት ጀምሮ መሆኑን እንጂ ዕቃው መጋዘን ከደረሰበት ቀን አለመሆኑን ከሻጩ ጋር አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ።

በገበያችን «በካሽ ከሆነ ስንት ትቀንስልኛለህ?» ተብሎ እዚያው የሚደረገው ቅናሽ ደግሞ ስሙ ያሳስታል። ዋጋው ሳይከፈል በፊት ወርዶ ደረሰኙ በተጣራው ዋጋ ከተቆረጠ፣ አመዘጋገቡ እንደ ንግድ ቅናሽ ነው፤ የ«ታጣ» ወይም የ«ተገኘ» ቅናሽ የሚባል ሂሳብ አያስፈልገውም። በተቃራኒው የቶሎ ክፍያ ቅናሽ ለማግኘት የግድ የወረቀት ብር መክፈል የለብዎትም፤ በባንክ ዝውውርም ሆነ በቼክ፣ በቀኑ ውስጥ እስከደረሰ ድረስ ይሠራል።