«ለመምህራን የተዘጋጀ» የሚባለውን ኮት ከመግዛታችሁ በፊት ክንዳችሁን አንሱ

መምህራን፣ ኦንላይን ላይ «ለመምህራን የተዘጋጀ ሙሉ ልብስ» እየተባለ የሚሸጠውን ገዝቼ በጣም ተናድጃለሁ። ቀኑን ሙሉ ለሚቆም ሰው ይመቻል፣ አይጨማደድም፣ ግርማ ሞገስ ይሰጣል ይላሉ። አይጨማደድም ያሉት እውነት ነው። የቀረው ውሸት ነው።

ትልቁ ጉድ ያለው ብብቱ ላይ ነው። ኮቱ ለብዙ ዓይነት ሰውነት እንዲሆን ተብሎ የእጅጌው መግቢያ በጣም ወደ ታች ወርዶ ተቆርጧል። መስታወት ፊት ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ሰፋ ያለና ምቹ ይመስላል። ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ክንዳችሁን ስታነሱ ግን እጅጌው የኮቱን ጎን ጎትቶ ይዞ ይወጣል። ትከሻው ጆሮ ስር ይደርሳል፣ ሸሚዙም ከሱሪው ይወጣል። ጀርባችሁን ለክፍሉ ሰጥታችኋልና ተማሪው ይህን ሁሉ ያያል። አንድ መስመር ጽፎ ኮት ወደ ታች መጎተት፣ እንደገና ጽፎ መጎተት! እንዲህ እያደረጉ ክፍል መቆጣጠር ይከብዳል።

በደንብ የተቆረጠ ኮት መግቢያው ወደ ብብት ጠጋ ይላል። መጀመሪያ ሲለበስ ጠበብ ያለ ይመስላል፤ ክንዱ ሲነሳ ግን የኮቱ ጫፍ እምብዛም አይነቃነቅም። የሻጮቹን ፎቶ ልብ ብላችሁ እዩ፤ እጁን ያነሳ ሰው የለም። ሁሉም ወይ እጁን ለቋል፣ ወይ ኪሱ ከቷል።

ሁለተኛው ጨርቁ ነው። ማስታወቂያው «ሱፍ መሰል» ይላል። ውስጡ የተሰፋችው መለያ ላይ ግን 100% ፖሊስተር ተጽፏል፤ ገበሩም ያው ነው። ፖሊስተር ላብ አይመጥም። ለሰዓታት ለሚቆምና ለሚናገር ሰው ደግሞ ጀርባ ላይ ይጣበቃል። እርስ በርሱ ሲታሽም የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚይዝ የጠመኔ ብናኝ ይስባል፤ ጥቁር ኮት ከሆነ እጅጌው ቶሎ ይነጣል። በጣም በጋለ ካውያ ከተተኮሰ ደግሞ ያብለጨልጫል። የሱፍና የፖሊስተር ቅይጥ ሆኖ ገበሩ ላብ የሚመጥ ቪስኮስ ከሆነ ብዙ ይሻላል። ለሱሪ ደግሞ ከ2 እስከ 3% ኤላስቴን የሚባለው የሚለጠጥ ክር ይበቃል።

እቃው እጃችሁ ሲገባ መለያውን ሳትቆርጡ ሞክሩት። የምታስተምሩበትን ሸሚዝ ልበሱ፣ ኮቱን ቆልፉ፣ ግድግዳ ላይ ከራሳችሁ በላይ እንደምትጽፉ ሁኑ። አንድ ሰው ከኋላ ይያችሁ። የኮቱ ጫፍ ከአራት ጣት በላይ ከተነሳ ያኔውኑ መልሱ። «ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል» ቢሏችሁ አትስሙ። እጅጌ ማሳጠር ወይም ወገብ ማጥበብ ይቻላል። ወደ ታች የወረደን የብብት መግቢያ ግን ወደ ላይ መመለስ አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ጨርቁ ተቆርጦ ወጥቷላ።